«ተሐድሶ» የሚለው ቃል የማን ነው? ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ ለሚጽፉ ተማሪዎቼ

ዛሬ የምጽፈው ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የመጣው ለፋሲካ ሰሞን ነው። ሞጣ ሳለሁ ያስተማርኋት፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ የምታጠና ልጅ ከአዲስ አበባ ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ ቢቸና ላይ ወረደችና ልትጠይቀኝ መጣች። ቁጭ እንዳለች ከቦርሳዋ 14 ገጽ ወረቀት አወጣች። ርዕሱ «ምሁራን የ15ኛውን ክፍለ ዘመን የደቂቀ እስጢፋኖስ የተሐድሶ እንቅስቃሴ እንዴት እንደተረጎሙት» ይላል። አስተማሪዋ መልሶባታል። ጠርዙ ላይ በቀይ የጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ይህ ታሪክ ነው፤ የተጠየቅሽው ሂስቶሪዮግራፊ ነው።»

«ጋሼ፣ ምን ማለቱ ነው?» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላውን ነገር ነገረችኝ። አባቷ ቄስ ናቸው። ባለፈው ክረምት ርዕሱን ስልኳ ላይ አይተው «ልጄ ተሐድሶ ሆነች እንዴ?» ብለው ለሦስት ቀን አላናገሯትም።

እኔ ሁለቱ ችግሮች አንድ ናቸው እላለሁ። አስተማሪውም አባትየውም በየራሳቸው መንገድ የጠየቋት አንድ ነገር ነው፦ «ይህን ቃል ማን ነገረሽ?» ሂስቶሪዮግራፊ ማለት፣ በቀላል አማርኛ፣ የታሪክ አጻጻፍ ታሪክ ነው። መነኮሳቱ ምን አደረጉ ብሎ አይጠይቅም። ስለ መነኮሳቱ የጻፉት ሰዎች በየዘመናቸው ምን አሉ፣ ለምን እንደዚያ አሉ፣ ለምንስ አሳባቸው ተለወጠ ብሎ ነው የሚጠይቅ።

ለማታውቁት ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ። አባ እስጢፋኖስ የአጋሜ ሰው፣ በትግራይ የመነኮሰ መነኩሴ ነው። ጥብቅ የገዳም ሥርዓት ያስተማረ፣ ብዙ ተከታይ ያፈራ ሰው ነበር። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ተጋጨ፤ ንጉሡ የነገሠው እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው። እስጢፋኖስ እስር ላይ ሞተ። ተከታዮቹ ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። የተረፉት ግን አልጠፉም። በኋላ ከቤተ መንግሥት ጋር ታርቀው ጉንዳ ጉንዶ የምትባለው ገዳማቸው በመጻሕፍቷ የታወቀች ሆነች። ዛሬም አለች።

የልጅቱ ወረቀት ከ14ቱ ገጽ 9ኙን የፈጀው ይህንኑ በመተረክ ነው። አተራረኩ ጥሩ ነበር። ግን አልተጠየቀችም። የቀረው 5 ገጽ ደግሞ እንዲህ ይሄዳል፦ «ኮንቲ ሮሲኒ እንዲህ ይላል። ታደሰ ታምራት እንዲህ ይላሉ። ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ እንዲህ ይላሉ።» በመጨረሻም «ከእነዚህ ሁሉ ትክክለኛው የፕሮፌሰር ጌታቸው ነው» ብላ ደመደመች።

እኔም «ይሄማ አንድምታ ነው» አልኋት። ሳቀች፤ የቄስ ልጅ ስለሆነች ወዲያው ገባት። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ አንዱን ቃል ያነሣና «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያለ ትርጉሞቹን ጎን ለጎን ይደረድራል። ሁሉም ትርጉም አብሮ ይቆማል። ማን፣ መቼ፣ ምን አይቶ እንደዚያ እንዳለ መጠየቅ የግድ አይደለም፤ የትምህርቱ ዓላማ ሌላ ነውና። እኛም ጎጃሞች ከዚያ ትምህርት ቤት ጥላ ሥር ስላደግን ዩኒቨርሲቲ ገብተን እንኳ «እገሌ እንዲህ ይላል» ብለን መደርደር ይቀናናል። ሂስቶሪዮግራፊ ግን «አንድም» ን አይቀበልም። «መጀመሪያ እንዲህ ተባለ፣ ከዚያ ይህ ነገር ስለተገኘ ወይም ስለተለወጠ እንዲያ ተባለ» ነው የሚል። መደርደር አይደለም፣ ማያያዝ ነው።

እንዴት እንደሚያያዝ ለማሳየት ሦስት ርዕሶችን ብቻ ወሰድን። ይዘቱን ገና ሳንነካ ርዕሶቹን።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1966 ታደሰ ታምራት በአንድ የጣሊያን የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛው ርዕስ ውስጥ «ኑፋቄ» የሚለው ቃል በትእምርተ ጥቅስ ታጥሯል። ሁለተኛው ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1983 በአንድ የጀርመን መጽሔት ያወጡት ነው፤ እዚያ ላይ ደቂቀ እስጢፋኖስ «በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረ መሠረት አጥባቂ ወገን» ተብለዋል። ሦስተኛው የዚያው የጌታቸው ኃይሌ የ1996 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ነው፦ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ»።

«ሦስቱን ርዕስ ብቻ አይተሽ ምን ትያለሽ?» አልኋት። ትንሽ አሰበችና «ስሙ ተለዋውጧል» አለች። አዎ! መጀመሪያ ኑፋቄ፣ ያውም በጥርጣሬ የታጠረ። ከዚያ አጥባቂ ወገን። ከዚያ ደግሞ ሕግ ይከበር ብሎ የሚጮህ ሰው። «በሕግ አምላክ» ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ገበያ ላይ ሁለት ሰው ዱላ ሲማዘዝ ሦስተኛው በዚህ ቃል ነው የሚያስቆማቸው። መነኩሴው በንጉሡ ፊት ሕግ የጠራ ሰው ሆኖ ቀረበ ማለት ነው። ወረቀቱ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው፦ በ38 ዓመት ውስጥ ስሙን ምን ለወጠው?

እዚህ ላይ አንዲት ወጥመድ አለች፤ ልጅቱም ወድቃባታለች። የጊዜ ሰንጠረዥ ስትሠራ 1966፣ 1983፣ 1996፣ 2006 ብላ ጻፈች። 2006 ያለችው ጌታቸው ኃይሌ የእስጢፋኖስን ገድል ግእዙን ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ሉቨን ላይ ያሳተሙበት ዓመት ነው። ከዚያም «ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ለሕዝብ ጻፉ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ወደ ምሁራዊው ሥራ ተመለሱ» የሚል ትንታኔ ሰጠች። ግን 1996 በእኛ አቆጣጠር ነው። በፈረንጁ 2004 ይሆናል። ልዩነቱ 10 ዓመት ሳይሆን 2 ዓመት ነው። ሕዝብ የሚያነበው መጽሐፍና የምሁራን እትሙ ተከታትለው የወጡ መንትዮች ናቸው፤ ትንታኔዋ እንዳለ ፈረሰ። ስለዚህ ልጆቼ፣ የማንኛውንም የአማርኛ መጽሐፍ ዓመት ከፈረንጅ መጽሐፍ ጎን ከማስቀመጣችሁ በፊት ወደ አንድ አቆጣጠር አምጡት።

አሁን «ምን ለወጠው» ወደሚለው እንምጣ። እያንዳንዱ ጸሐፊ ላይ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛው፦ ጠረጴዛው ላይ ምን ሰነድ ነበር? ሁለተኛው፦ የሚመልሰው የማንን ጥያቄ ነበር?

ከሰነዱ እንጀምር። ለብዙ ዘመን ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚናገረው የንጉሡ ወገን ብቻ ነበር። ተአምረ ማርያም ውስጥ ታሪካቸው አለ፤ እዚያ ላይ የማርያም ጠላቶች ሆነው ነው የሚቀርቡ። የደብረ ብርሃን ከተማ ስሟን ያገኘችበት ታሪክም ከእነሱ መወገር ጋር የተያያዘ ነው። ከተወገሩ በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ፣ ንጉሡም ፈጣሪ ሥራዬን ወደደልኝ ብሎ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ሠራ ይባላል። ይህን ብቻ የያዘ ሰው «መናፍቃን ነበሩ» ቢል ምን ይፈረድበታል? የሰማው አንዱን ከሳሽ ብቻ ነው።

የተከሳሹ ቃል መሰማት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የአባ አበከረዙንን ገድል አሳተመ። አበከረዙን ከእስጢፋኖስ ተከታዮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ፈረንሳዊው አንድሬ ካኮ የአባ ዕዝራን ገድል አወጣ። በእነዚህ ገድሎች ውስጥ ክሱ ሌላ መልክ አለው። ዋናው ጠብ ስለ ስግደት ነው። መነኮሳቱ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው፣ ለንጉሥ አንሰግድም አሉ። ንጉሡ ደግሞ ለማርያምና ለመስቀል አይሰግዱም ብሎ ከሰሳቸው። አያችሁ? አንዱ ወገን የሃይማኖት ጉዳይ ነው ይላል፤ ሌላው የሥልጣን ጉዳይ ነው ይላል።

ታደሰ ታምራት ኑፋቄ የሚለውን ቃል በጥቅስ ያጠሩት ይህ ሁሉ ከፊታቸው ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱንም ወገን ሰምተዋል። ጥያቄያቸውም የካህን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1972 በኦክስፎርድ የታተመው ትልቁ ሥራቸው ርዕሱ ራሱ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ነው፤ ከ1270 እስከ 1527 ያለውን ዘመን ይሸፍናል። እዚያ ውስጥ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚታዩት አገሩንና ቤተ ክርስቲያኑን አንድ ለማድረግ ከሚጥር ንጉሥ ጋር የተጋጩ መነኮሳት ሆነው ነው። ትክክል ነበሩ አልነበሩም ብለው አይፈርዱም፤ ጥያቄያቸው አልነበረምና።

ጌታቸው ኃይሌ ጋር ስንደርስ ልጅቱ አንድ የምትወደው አንቀጽ ነበራት። ፕሮፌሰሩ የፓርላማ አባል ነበሩ፤ በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ ሄደው ተኩሰውባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ እግራቸው አልሠራም፤ ቀሪ ዘመናቸውን በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ የእጅ ጽሑፎችን ሲያጠኑ ኖሩ። ከዚህ ተነሥታ «ከመንግሥት ግፍ ስለደረሰባቸው ደቂቀ እስጢፋኖስን እንደ ራሳቸው አዩአቸው» ብላ ጽፋለች።

አንቀጹ ያምራል። እኔ ግን እንድትሰርዘው ነገርኋት። ለምን? ምክንያቱም ራሷ ከሰበሰበችው ማስረጃ ጋር አይገጥምም። የተኩሱ ነገር የሆነው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጁ 1975። «መሠረት አጥባቂ ወገን» ያሉበት ጽሑፍ የወጣው ከ8 ዓመት በኋላ ነው። ቁስሉ ብቻ ቢሆን አሳባቸውን የቀረጸው፣ በ1983ም «በሕግ አምላክ» ይሉ ነበር። ስለዚህ በ1983 እና በ2004 መካከል የተለወጠ ሌላ ነገር ፈልጊ አልኋት። ቢያንስ ሁለት ነገር ወዲያው ይታያል። አንደኛ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የወገኑን ጽሑፎች ራሳቸውን ግእዙን ለኅትመት እያዘጋጁ ነበር፤ ቅድም ካልሁት የእስጢፋኖስ ገድል ሌላ እ.ኤ.አ. በ2011 የመጀመሪያዎቹን መነኮሳት ታሪክ አውጥተዋል። ሁለተኛ፣ አንባቢው ተለውጧል። የ1983ቱ ጽሑፍ ለውጭ አገር ምሁራን ነው፤ የ1996ቱ ለእኔና ለእናንተ ነው። ለአማርኛ አንባቢ የሚጻፍ መጽሐፍ ከደርግ በኋላ ባለ ዘመን ስለ ሕግና ስለ ንጉሥ ሲናገር የሚሰማው ድምፅ ሌላ ነው። የጸሐፊ ሕይወት ይጠቅማል፤ ግን ጊዜውን ሳንቆጥር የምንለጥፈው ከሆነ ሐሜት ይሆናል።

አራተኛው አተረጓጎም ከምሁራን ቤት ውጭ ያለው ነው። ልጅቱ ሳታውቀው ርዕሷን የወሰደችው ከዚህ ነው። በወንጌላውያን ዘንድ እስጢፋኖስ «ከሉተር በፊት የነበረ ተሐድሶ» ሲባል ትሰማላችሁ። ማርቲን ሉተር የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1517 ነው፤ እስጢፋኖስ ከዚያ ከ70 ዓመት በላይ ቀድሞ ሞቷል። ስግደት ለሥላሴ ብቻ ማለቱም ይመሳሰላል። ግን ገድሎቹን ስታነቡ የምታገኙት ጾምን፣ ምንኩስናንና የገዳም ሥርዓትን ከሌላው ይልቅ ያጠበቀ ሰው ነው። ሉተር ደግሞ የምንኩስናን ስእለት የተቃወመ ሰው ነው። አንዱ ገዳሙን ሊያጠብቅ የተነሣ፣ ሌላው ከገዳም የወጣ። ስሙ አንድ ሲሆን ይህ ልዩነት ይሸፈናል።

ሌላም አለ። በእኛ አገር ዛሬ «ተሐድሶ» ማለት እንደ እንግሊዝኛው መጽሐፍ ለስለስ ያለ የሙያ ቃል አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ዐውድ ክስ ነው። አባቷ የደነገጡት ስላልተማሩ አይደለም፤ ቃሉን ከእሷ ይልቅ ስለሚያውቁት ነው። እኔ ለአስተማሪውም ለአባቷም አንድ መልስ ሰጠሁ፦ ቃሉን ከርዕሱ አውጪና ወደ ወረቀቱ ውስጥ አስገቢው። ማለትም ራሱን አንድ አተረጓጎም አድርገሽ መርምሪው። ማን ተሐድሶ አላቸው? ከመቼ ወዲህ? ምን እንዲያሳይ፣ ምን እንዲሸፍን?

የቢቸናና የሞጣ ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። እኛ ያደግነው የቅብዓትና የተዋሕዶ ክርክር ትዝታ ባለበት አገር ነው። ከደብረ ወርቅ እስከ ሞጣ ስንት ሽማግሌ «ቅብዓት» የሚለው ስም ሲነሣ ፊቱን እንደሚያጠቁር፣ «እኛም ኦርቶዶክስ ነን» እንደሚል ታውቃላችሁ። ወደዚያ ክርክር አልገባም፤ ዛሬ የምለው ስለ ስም ብቻ ነው። አንድን ወገን ሌላው በሚጠራው ስም ብቻ ጠርቶ ታሪኩን መጻፍ ፍርዱን ቀድሞ መስጠት ነው። ይህን በቤታችን እያወቅን ወረቀት ላይ ስንደርስ ለምን እንረሳዋለን?

ልጅቱ የጠየቀችኝን አንድ ጥሩ ጥያቄ ሳልጽፍ አላልፍም። «ጋሼ፣ የማርያም ጠላቶች ከነበሩ የጉንዳ ጉንዶ መጻሕፍት በማርያም ሥዕል ያጌጡት እንዴት ነው?» አለች። እውነት ነው፤ የዚያ ገዳም የሥዕል አሠራር በዓለም የታወቀ ነው፣ እመቤታችን ከልጇ ጋር የተሣለችባቸውም አሉ። የብራናዎቹን ፎቶግራፎች የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ስላወጣቸው ሞጣ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። እሷም ወዲያው «ስለዚህ ክሱ ውሸት ነው» ብላ ልትጽፍ ነበር። ቆይ አልኋት። እነዚያ ያማሩት መጻሕፍት የተጻፉት መቼ ነው? የታወቁት ሥዕሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ አካባቢ ይመደባሉ፤ ከስደቱ በኋላ፣ ገዳሙ ከቤተ መንግሥት ጋር ወደ መታረቁ ዘመን ማለት ነው። ስለዚህ ሥዕሉ የሚመሰክረው ስለ ልጅ ልጆቹ እንጂ ስለ እስጢፋኖስ ስለ ራሱ አይደለም። ክሱን የሚጠራጠር ሰው ይህን ማስረጃ ሊያነሣ ይችላል፤ ግን በልኩ። የገድሎቹም ነገር እንዲሁ ነው። የተከሳሽ ቃል ስለሆኑ ውድ ናቸው፤ ግን የጻፏቸው መምህራቸውን የሚወዱ ደቀ መዛሙርት ናቸው። ከሳሽም ወገንተኛ፣ ተከሳሽም ወገንተኛ። የእኛ ሥራ ሁለቱንም ጽፎ መያዝ ነው።

በመጨረሻ ወረቀቱን እንዲህ አስተካከልነው። የመነኮሳቱ ታሪክ 9 ገጽ የነበረው 2 ገጽ ሆነ። ቀጥሎ የንጉሡ ወገን ሰነዶች ብቻ የታወቁበት ዘመን። ከዚያ ገድሎቹ የታተሙበትና ታደሰ ታምራት ጥያቄውን ከኑፋቄ ወደ መንግሥት ያዞሩበት። ከዚያ የጌታቸው ኃይሌ ሁለት መልክ፣ የ1983ቱና የ1996ቱ። በመጨረሻም «ተሐድሶ» የሚለው ንባብ። መደምደሚያዋ ላይ «ትክክለኛው የእገሌ ነው» የሚለው ወጣ። በምትኩ የጻፈችው አሳብ ይህ ነው፦ አዲስ ሰነድ በተገኘ ቁጥር ክሱ እየቀለለ ሄደ፤ ግን የተገኘውን ሰነድ ለምን እንደምናነበው የወሰነው በየጊዜው የኛው የዘመን ጠብ ነው። ይህ የራሷ አሳብ ነው። እኔ አልነገርኋትም።

አባቷስ? ሞጣ ስትደርስ አዲሱን ርዕስ አነበበችላቸው፦ «ከኑፋቄ እስከ በሕግ አምላክ፦ ደቂቀ እስጢፋኖስ በታሪክ ጸሐፊዎች ዓይን»። ዝም ብለው ሰሙና «እስቲ ተአምረ ማርያም ያለውን እንዴት አድርገሽ እንደጻፍሽው አሳይኝ» አሉ አሉ። አሳየቻቸው። ሁለት ቦታ አረሟት፤ ሁለቱም የግእዝ ስሕተት ነበር። እኔም ሁለቱም ሳያመልጡኝ አልቀሩም፤ የታሪክ መምህር እንጂ የግእዝ መምህር አይደለሁም።

እናንተስ? በየዩኒቨርሲቲው ይህን ርዕስ የምታስተምሩ፣ ወይም በቤታችሁ ከቄስ አባት ጋር የተከራከራችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ስድብ አልቀበልም፤ ማረሚያ ግን በደስታ። መልካም ሰንበት።